412 ሺህ ቪው፣ 190 ሰብስክራይበር፦ የቀረው ሰው የት ገባ?

የዳሞት ንብ (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዩቲዩብ ላይ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ ቻናል አለኝ። ረጃጅሞቹ ቪዲዮዎች በአማርኛ ናቸው። ቀፎ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ መንጋን ከባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊ ማዛወር፣ ማር መቁረጥ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የምሠራው።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ የቁም ሾርት ለቀቅኩ። 38 ሰከንድ ነው። አጎቴ ቅርንጫፍ ላይ የሰፈረውን መንጋ በባዶ እጁ እየዘገነ ቀፎ ውስጥ ሲያስገባ ያሳያል። ንግግር የለውም፣ የንቡ ድምፅ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የቀረው ንብ ራሱ ሰልፍ ይዞ እየተንጋጋ ወደ ውስጥ ይገባል።

በ28 ቀን ውስጥ 412,000 ቪው ገባ። ከዚህ ክሊፕ ያገኘሁት ሰብስክራይበር ግን 190 ነው። ከዚያ በፊት የለቀቅኩት የ12 ደቂቃ ቪዲዮ በመጀመሪያ 28 ቀኑ 3,100 ቪው ብቻ አግኝቶ 62 ሰው አምጥቶልኛል። ይኼ እንዴት ይሆናል? ክሊፑ ላይ ችግር አለ ወይስ ቁጥሩን አነባበቤ ነው?

አቡሽ ቲዩብ (ባህር ዳር)

ወንድሜ እኔ ቁርጡን ልንገርህ። የሾርት ሰው ሰብስክራይብ አያደርግም። በጣቱ እየገፋ ያልፋል፣ አለቀ። በዚያ ላይ ዩቲዩብ አሁን የሾርት ቪው አቆጣጠሩን ቀይሮታል፤ ብልጭ ካለ ይቆጥራል። ስለዚህ 412 ሺህህ አየር ነው። ክሊፑን አጥፋውና ለሾርት ሌላ ቻናል ክፈት። ዋናውን ቻናል ያበላሽብሃል።

ማርቆስ ኤዲቲንግ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም የዳሞት ንብ። የሌሎችን ቻናል አቀናብራለሁ፣ ይኼን ጥያቄ ከብዙ ደንበኞቼ እሰማዋለሁ። አቡሽ ስለ አቆጣጠሩ ያለው እውነት ነው፣ መደምደሚያው ግን ቸኩሏል።

ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ሾርት መጫወት በጀመረ ቁጥር አንድ ቪው ይቆጠራል። ስንት ሰከንድ ታየ ተብሎ አይጠየቅም። አልቆ እንደገና ሲጀምርም ሌላ ቪው ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ የደጋገመ አንድ ሰው ሦስት ቪው ሆኖ ገብቷል፤ አይቶት ሳይጨርስ ያለፈውም አንድ ሆኖ ገብቷል። የድሮው አቆጣጠር ግን አልጠፋም። ስቱዲዮ ውስጥ Engaged views በሚል ስም ተቀምጧል። ጥቂት ቆይቶ ያየውን የሚቆጥረው እሱ ነው። ክፍተቱን መለካት ከፈለግህ የምታካፍለው በዚህ እንጂ ከክሊፑ ሥር በሚታየው ቁጥር አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት የለቀቅሃቸውን ሾርቶች ከአሁኖቹ ጋር ስታወዳድርም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛ ነገር፣ ረጅሙን ቪዲዮህን ከሾርቱ ጋር ያወዳደርክበት መንገድ ረጅሙን በድሎታል። 3,100 ቪው ውስጥ ቀድሞም ሰብስክራይበር የሆኑ ሰዎች አሉ። እነሱ ሁለተኛ ጊዜ ሰብስክራይብ ማድረግ አይችሉም፣ ስለዚህ ከሒሳቡ መውጣት አለባቸው። Advanced mode ውስጥ Subscription status የሚል አለ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጉትን ብቻ ለይተህ ውሰድ። ሾርቱ ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ ምክንያቱም ያየው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አዲስ ነው።

Advanced mode የስልኩ አፕ ላይ አታገኘውም። ኮምፒውተር ከሌለህ በስልክህ ብራውዘር studio.youtube.com ብለህ ግባና ዴስክቶፕ ሳይት የሚለውን አብራ። ይንቀራፈፋል እንጂ ይሠራል። ከዚያ ክሊፑን ብቻ መርጠህ Geography ላይ ሂድ፣ Engaged views እና Subscribers gained የሚሉትን ሁለቱን አምዶች አውጣና እዚህ ጻፍልን። ንግግር የሌለው ክሊፕ ስለሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አገሩን ነው።

የሞጣ ልጅ

ይቅርታ፣ ሳልረብሽ አንድ ነገር ልጠይቅ። 412 ሺህ ቪው ካለው ለማስታወቂያ ገቢ የሚጠየቀውን 4,000 ሰዓት ሞልቷል ማለት አይደለም እንዴ? እኔም ሾርት እየሠራሁ ሰዓት እያጠራቀምኩ ነው።

ማርቆስ ኤዲቲንግ

የሞጣ ልጅ፣ ሾርትስ ፊድ ላይ የታየ ሰዓት ወደ 4,000ው አይገባም። የሾርት መንገድ ለብቻው ነው፤ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ቪው፣ እሱም የሚሰላው በ Engaged views ነው። በሁለቱም መንገድ 1,000 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰዓት ከሆነ የምትፈልገው ረጅም ቪዲዮ ሥራ። ለዚህ ሌላ ክር ብትከፍት ጥሩ ነው።

መምህር ዘሒሳብ (ደጀን)

የእኔ ታሪክ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ልጨምር። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ በሾርት እሠራለሁ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ሰሌዳ፣ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አንዱ ክሊፕ 2,600 Engaged views አግኝቶ 58 ተማሪ አስመዘገበ። ከአንድ ሺህ ሲሰላ 22 ገደማ ነው። ቪው የለኝም፣ ያየኝ ግን ይቀራል።

ምክንያቱን እንዲህ ነው የማየው። ተማሪው ክሊፑ ሲያልቅ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይፈልጋል። ነገም እንደሚመጣ ስለነገርኩት ሰብስክራይብ ማድረጉ ለራሱ ይጠቅመዋል። የንቡ ክሊፕ ግን በ38 ሰከንድ ያልቃል። መንጋው ገባ፣ ተጠናቀቀ። ተመልካቹ የቀረበት ነገር የለም።

ያልፈታሁት ችግር ፈተናው ካለፈ በኋላ ልጆቹ መውጣታቸው ነው። ክረምት ላይ Subscribers lost ይጨምራል። ስለዚህ የእኔ 22ም ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም።

አቡሽ ቲዩብ

መምህር ተባረኩ፣ እኔም የምለው እሱኑ ነው። ድምፅ የሌለው፣ ፊት የሌለው ክሊፕ ሰው አያመጣም። "ሰብስክራይብ አድርጉ" የሚል ጽሑፍ መሀሉ ላይ ለጥፍበት።

ማርቆስ ኤዲቲንግ

አቡሽ፣ ጽሑፉን የት ነው የሚለጥፈው? ሾርት ላይ የቻናሉ ስምና የሰብስክራይብ ቁልፉ ታች በግራ ናቸው፣ ከርዕሱ ጋር ተጣብበው። በቀኝ በኩል ላይክ፣ ኮመንት፣ ሼር ተደርድረዋል። የተመልካቹ አውራ ጣት ደግሞ ወደ ላይ ለመግፋት ተዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። መሀል ላይ ትልቅ ጽሑፍ ሲመጣ ብዙው ሰው "ማስታወቂያ ጀመረ" ብሎ ይገፋል። ደንበኞቼ ሲለጥፉት የማየው የተመልካች ማቆያው ግራፍ ጽሑፉ ብቅ ባለበት ሰከንድ ላይ ሲያዘነብል ነው። ጥያቄው በቃል ቢሆንና ከክሊፑ ጉዳይ ጋር ቢያያዝ ይሻላል፤ "ነገ አውራዋን እንዴት እንደምናገኛት አሳያለሁ" ዓይነት።

ሌላም አለ። ፊዱ ራሱ የሚፈልገውን እያመጣለት ስለሆነ ሰውየው ሰብስክራይብ የማድረግ ግዴታ አይሰማውም። የንብ ክሊፕ ከወደደ ነገ ሌላ የንብ ክሊፕ ይቀርብለታል፣ የአንተ ይሁን የሌላ ሰው ግድ የለውም። ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሞ ትርዒት አይቶ እንደሚያልፍ ሰው ነው፤ የባለ ትርዒቱን ቤት አድራሻ አይጠይቅም።

ከቢቸና፣ አሁን ቨርጂንያ

ይኼን ክር ሳነብ ገረመኝ፣ ክሊፑን እኔ አይቼዋለሁ! ሌሊት ከሥራ ስገባ ስልኬ ላይ መጣ። የአጎትህ እጅ ላይ ንቡ እስከ ክንዱ ሲወጣና እሱ ሳይበረግግ ቀስ ብሎ ጣቱን ሲያራግፍ አይቼ አባቴን አስታወሰኝ። አራት አምስቴ ሳልደጋግመው አልቀረሁም። ሲያልቅና ሲጀምር አይለይም፣ ራሱ ይቀጥላል። የቻናሉን ስም ግን አላየሁም። አበሻ መሆኑንም ያወቅሁት በጋቢው ነው እንጂ ክሊፑ ላይ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም።

አሁን በስም ፈልጌ ቻናሉ ገጽ ላይ ገብቼ ሰብስክራይብ አድርጌያለሁ። በርታ ወንድሜ።

ማርቆስ ኤዲቲንግ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ የነገሩን ነገር ለመለኪያው ወሳኝ ነው። የዳሞት ንብ፣ ይኼን ልብ በል። ክሊፑ ሥር የሚታይህ 190 ክሊፑን እያዩ እዚያው ሰብስክራይብ ያደረጉትን ብቻ ነው። እኚህ ወንድማችን ግን የቻናልህ ገጽ ላይ ገብተው ነው ያደረጉት። ስለዚህ ለክሊፑ አይመዘገቡለትም፤ ከቻናል ገጽ እንደመጡ ነው የሚታየው። የክሊፑን ሪፖርት ብቻ የሚያይ ሰው እሳቸውን አያገኛቸውም።

ይኼን ለመገመት የሰብስክራይበር ምንጩን የሚያሳየውን ሪፖርት ለቻናሉ በሙሉ አውጣ። ክሊፑ የወጣበትን 28 ቀን ከዚያ በፊት ካለው 28 ቀን ጋር አስተያይ። ከቻናል ገጽ የመጣው ምን ያህል ጨመረ? ጭማሪው በግምት የክሊፑ ነው። በግምት ያልኩት በዚያው ጊዜ ሌላ ቪዲዮም ሰው ልኮ ሊሆን ስለሚችል ነው።

የዳሞት ንብ

ዘገየሁ፣ ኔት እየተቆራረጠ ነው። ከተማ ወጥቼ ነው ያወጣሁት።

የክሊፑ Engaged views 236,000 ነው። ከዚህ ውስጥ ኢትዮጵያ 18,000 ብቻ! ሌላው ሁሉ ከውጭ ነው፤ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ብራዚል፣ አሜሪካ። ሰብስክራይበሩ ደግሞ ከኢትዮጵያ 121፣ ከቀረው ዓለም በሙሉ 69።

ከቻናል ገጽ ሰብስክራይብ ያደረጉት በፊት 25 ነበሩ፣ በክሊፑ ጊዜ 70 ሆነዋል።

ረጅሙ ቪዲዮ ከ3,100ው ውስጥ ሰብስክራይበር ያልሆኑት ያዩት 1,900 ነው።

ማርቆስ ኤዲቲንግ

ጥሩ አድርገህ አወጣኸው። አሁን አብረን እንሥራው። ጉግል ሺት ላይ A ላይ አገር፣ B ላይ Engaged views፣ C ላይ ሰብስክራይበር አስገባና D2 ላይ ይኼን ጻፍ፦

```
=ROUND(C2/B2*1000,1)
```

በ1,000 እይታ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ያወጣልሃል።

አንተ በመጀመሪያ ያሰብከው 190ን ለ412,000 ነው፤ 0.5 ይመጣል። በ236,000 ስታካፍለው 0.8 ነው። አቆጣጠሩ ያመጣው ልዩነት ይኼው ነው፣ ብዙ አይደለም። ስለዚህ "ቪው አየር ነው" የሚለው ብቻውን ክፍተቱን አያብራራም።

አሁን በአገር ክፈለው። ኢትዮጵያ 121 ለ18,000፣ 6.7 ነው። ሌላው ዓለም 69 ለ218,000፣ 0.3 ነው። ከሃያ እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። ክፍተቱ ያለው እዚህ ነው። ንግግር ስለሌለው ፊዱ ክሊፑን አማርኛ ለማይሰማ ሕዝብ አዳረሰው። ሰዎቹ ወደውታል፣ ደጋግመው አይተውታል። ቻናልህ ላይ ቢገቡ ግን የሚያገኙት የ12 ደቂቃ የአማርኛ ትምህርት ነው። ሰብስክራይብ ባያደርጉ አይፈረድባቸውም።

ረጅሙ ቪዲዮ 62 ለ1,900 ሲሆን 33 ገደማ ነው። ከኢትዮጵያው 6.7 ጋር አሁንም አምስት እጥፍ ይበልጣል። ይኼኛው ክፍተት እውነተኛ የሾርት ባሕርይ ነው። ረጅሙን የከፈተው ሰው ርዕሱን አንብቦ፣ መርጦ ነው የገባው። ሾርቱን ግን ማንም አልመረጠውም፣ ራሱ መጣ። እሱን በኤዲቲንግ የምታጠፋው አይመስለኝም።

ከቻናል ገጽ የጨመረው 45 ሁሉ የክሊፑ ነው ብንል እንኳ 190ው 235 ይሆናል። በ1,000 ሲሰላ 1 ነው። አሁንም ታሪኩ አልተቀየረም፣ ግን ካልለካኸው አታውቀውም ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አገር ቋንቋ አይደለም። አሜሪካ የሚለው ውስጥ እንደ ቢቸናው ወንድማችን ያለ ሰው አለ፣ ሳዑዲ የሚለውም ውስጥ እንዲሁ። ስለዚህ 0.3ቱ ውስጥ የእኛ ሰዎች ተደብቀዋል። ቁጥራቸው በጣም ትንሽ የሆኑ አገሮችንም ዩቲዩብ ሙሉ ዳታቸውን ላያሳይህ ይችላል።

አቡሽ ቲዩብ

እሺ፣ ይኼ ቁጥር የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። የብራዚል ሰው ንብ አይቶ ምን ያደርግለታል? 69ኙ ውጭ አገር ያሉት ነገ ረጅሙን ቪዲዮ አይከፍቱም። ስለዚህ ለሾርት ሌላ ቻናል፣ ወይም ይጥፋ።

ማርቆስ ኤዲቲንግ

አቡሽ፣ 69ኙ ረጅሙን አይከፍቱም የሚለው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሊለካም ይችላል። የሚቀጥለው ረጅም ቪዲዮ ሲወጣ ሰብስክራይበሮቹ ብቻ ያዩትን በአገር ይክፈለው። ከውጭ ማንም ካልመጣ ያኔ እንነጋገራለን። ማጥፋቱ ግን ከኢትዮጵያ ያመጣውን መንገድም ይዘጋል፤ ክሊፑ ገና እየታየ ነው።

ከማጥፋቱ በፊት የሚደረግ ነገር አለ። ስቱዲዮ ውስጥ ክሊፑን ኤዲት አድርገህ Related video የሚለው ላይ ረጅሙን ምረጥ። መግለጫና ኮመንት ላይ የሚለጠፍ ሊንክ ሾርት ላይ ከኦገስት 31 ቀን 2023 ወዲህ አይከፈትም፤ ስለዚህ እዚያ አትድከም። ከሾርቱ በዚህ በኩል ያለፈው ሰው ረጅሙ ቪዲዮ የትራፊክ ምንጭ ውስጥ ለብቻው ይታይሃል። ቀጥሎ ደግሞ ያንኑ ሥራ በአማርኛ ድምፅ ሞክረው። የመጀመሪያው ሦስት ሰከንድ ውስጥ ሰው ይናገር።

የዳሞት ንብ

ሞከርኩት። አጎቴ ራሱ እየተናገረ ነው፤ "መንጋው የሚከተለው አውራዋን ነው፣ እሷ ከገባች ሌላው ይገባል" ይላል፣ እጁ ንብ እንደያዘ። መጨረሻው ላይ ቀፎውን በግራዋ ቅጠልና በሰፈፍ እንዴት እንደሚያጥን ለነገ ቀጠሮ ሰጠ።

በ28 ቀን Engaged views 14,500። ሰብስክራይበር 87። በ1,000 ሲሰላ 6 ነው። ከ0.8 ወደ 6 ወጣ!

ሲከፈል ኢትዮጵያ 11,800 አይቶ 80 ሰው፣ ሌላው 2,700 አይቶ 7 ሰው።

መምህር ዘሒሳብ

ደስ ይላል፣ ግን ቁጥሩን ቆም ብለን እንየው። ኢትዮጵያው 80 ለ11,800፣ 6.8 ነው። ያለ ድምፁ ክሊፕ 6.7 ነበር። ምንም አልተለወጠም! ንግግሩም፣ የነገ ቀጠሮውም የኢትዮጵያውን ተመልካች ይበልጥ አላሳመነውም። የተለወጠው ክሊፑ ለማን እንደቀረበ ነው። እኔ ቀጠሮው ይሠራል ብዬ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አይታይም።

በጥሬው ካየነውም፣ የመጀመሪያው ክሊፕ ከኢትዮጵያ 121 ሰው አመጣ፣ ይኼኛው 80። አማካዩ ያማረው ክሊፕ ያመጣው ሰው ያንሳል።

ማርቆስ ኤዲቲንግ

መምህር በትክክል አይተውታል። የውጩ 7 ሰው 2.6 ይሰጣል፣ ከ0.3 ይሻላል፤ አማርኛ የሚሰማ ዲያስፖራ ብቻ ስለቀረበት ይመስለኛል። ግን ሰባት ሰው ነው፤ ሦስቱ ቢቀሩ ቁጥሩ ሌላ ነበር። በእሱ ላይ ቤት አልሠራም።

እኔ የድምፁን መንገድ የምመርጠው በሌላ ምክንያት ነው። Related video ከተሠራ በኋላ ከየትኛው ክሊፕ ስንት ሰው ወደ ረጅሙ እንደገባ እስካሁን አልነገርከንም።

የዳሞት ንብ

ከመጀመሪያው ክሊፕ 410፣ ከድምፁ 390። ቪውው ግን የትና የት።

አቡሽ ቲዩብ

ይኼን ስላየሁ አጥፋው የሚለውን ትቻለሁ። ሁለተኛ ቻናል የሚለውን ግን አልተውኩም። ሁለቱም ዓይነት ሰው አንድ ቻናል ላይ ሲከማች ቀጣዩ ረጅም ቪዲዮህ ለማን እንደሚቀርብ ተጠንቀቅ።

ማርቆስ ኤዲቲንግ

እሱን የሚነግረን ቀጣዩ ረጅም ቪዲዮ ነው። የዳሞት ንብ፣ ስትለቀው በመጀመሪያው ሳምንት ሰብስክራይበር ያየውን ብቻ ለይተህ ከድሮዎቹ የመጀመሪያ ሳምንት ጋር አስቀምጥልን። አቡሽ እንዳለው ከሆነ ሰብስክራይበርህ ጨምሮ እነሱ ያዩት ቪው ባለበት ይቆማል።

የዳሞት ንብ

ኅዳር ማር ቆረጣው ላይ ነው የምለቀው። ከስንት ቀን በኋላ ነው ዳታው የሚረጋው? አንዳንዴ በማግስቱ ያየሁት ሰብስክራይበር በሦስተኛው ቀን ይቀንሳል።

ማርቆስ ኤዲቲንግ

ሪፖርቱ ለመግባት ሁለት ሦስት ቀን ይዘገያል፣ ሐሰተኛ አካውንትም ዩቲዩብ እየለቀመ ያወጣል። ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ሦስት ቀን ጨምረህ ያኔ ገልብጠው። እስከዚያ የድምፁን ክሊፕ Subscribers lost አምድም አብረህ ያዝ፤ መምህር የገጠማቸው አንተንም ይግጠምህ አይግጠምህ እሱ ነው የሚነግረን።